የአሜሪካ ፓስፖርት ይዛችሁ ሎንዶን ትሠራላችሁ? ደሞዛችሁ ሁለቴ እንዳይታክስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአሜሪካ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይዛችሁ ከአሜሪካ ውጭ የምትኖሩና የምትሠሩ፣ ደሞዝ ሲገባ ደግሞ መጀመሪያ አገር ቤት የምትልኩ ሰዎች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ምሳሌዬ አንዲት ልጅ ናት። ዲሲ አድጋ ዜግነት አገኘች፣ አሁን ሎንዶን ውስጥ በአይቲ ሥራ ተቀጥራለች፣ አላገባችም፣ ደሴ ላሉት እናቷ በየወሩ ትልካለች። ዓመቱ 2025 ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር።

ሎንዶን እየኖርኩ፣ ሎንዶን እየሠራሁ፣ አሜሪካ ምን አገባት?

አሜሪካ ዜጋዋን የትም ይኑር ታክስ ትጠይቀዋለች። ግሪን ካርድ ያለውንም እንደዛው። አብዛኛው አገር እንዲህ አያደርግም፤ እንግሊዝም ኢትዮጵያም የሚያዩት የት እንደምትኖሩ ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻ ይዞ፣ ግሪን ካርድም ሳይኖረው ሎንዶን የሚሠራ ሰው ለእንግሊዝ ከፈለ ማለት ጨረሰ ማለት ነው። አሜሪካ አትጠይቀውም። ኢትዮጵያም በሕጓ ነዋሪ እስካልተባለ ድረስ ሎንዶን ባገኘው ደሞዝ አትጠይቀውም።

የእኛ ልጅ ግን ሁለት ጠያቂ አለባት። የእንግሊዙን ቀጣሪዋ ደሞዙ ሳይደርሳት ይቆርጠዋል። ለአሜሪካ ደግሞ ያንኑ ደሞዝ በዶላር አስልታ ማስታወቅ አለባት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ «እዚህ ከፍያለሁኮ» ብሎ ዝም ይላል። ከአሜሪካ ታክስ ነፃ የሚያደርገው እንግሊዝ መክፈሉ አይደለም፣ የከፈለውን በውጭ ታክስ ክሬዲት በኩል አሜሪካ ላይ መጠየቁ ነው። ካልጠየቃችሁ ማንም አስታውሶ አይቀንስላችሁም።

ክሬዲቱ ራሱ ምንድን ነው? እንዴትስ ይሰላል?

የውጭ ታክስ ክሬዲት ማለት ለሌላ አገር የከፈላችሁትን የገቢ ታክስ ከአሜሪካው ታክስ ላይ ዶላር በዶላር መቀነስ ነው። ከገቢ ላይ አይደለም የሚቀነሰው፣ ከታክሱ ላይ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ከገቢ ላይ አንድ ሺህ ዶላር ቢቀነስላችሁ የምታተርፉት የሺህዋን ጥቂት መቶኛ ብቻ ነው፣ ከታክስ ላይ ሲቀነስ ግን ሺህዋን በሙሉ ነው።

ልጅቷ በዓመት 60,000 ፓውንድ ታገኛለች እንበል። እንግሊዝ የመጀመሪያውን 12,570 ፓውንድ አትነካም። ከዚያ እስከ 50,270 ያለውን 20 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ያለውን 40 በመቶ ትወስዳለች። ሲደመር 11,432 ፓውንድ ይሆናል።

አሁን ወደ ዶላር። ሒሳቡ እንዲቀለን አንድ ፓውንድ 1.30 ዶላር ነው ብለን እንሂድ። ደሞዟ 78,000 ዶላር፣ የከፈለችው ታክስ ደግሞ ወደ 14,862 ዶላር ገደማ ሆነ። አሜሪካ ላላገባ ሰው በ2025 የሰጠችው መደበኛ ቅናሽ 15,750 ዶላር ነው፤ እሱ ሲቀነስ 62,250 ይቀራል። በዚህ ላይ የሚወጣው የአሜሪካ ታክስ 8,609 ዶላር ነው።

እንግዲህ እንግሊዝ 14,862 ወስዳለች፣ አሜሪካ የምትጠይቀው 8,609 ነው። የመጀመሪያው ሁለተኛውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል። ለአሜሪካ የምትከፍለው ዜሮ። 6,253 ዶላር ይተርፋታል። ግን በእጇ አይሰጣትም፤ ክሬዲቱ የአሜሪካን ታክስ እስከ ዜሮ ያወርዳል እንጂ ተመላሽ አይሆንም። የተረፈው ምን እንደሚሆን ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

የሚሞላው ፎርም 1116 ነው። ከላይ የገቢውን ዓይነት ምረጡ ይላል፤ ደሞዝ «ጄኔራል» የሚለው ውስጥ ነው የሚገባው። ውጤቱ ወደ ዋናው ፎርም 1040 በስኬጁል 3 በኩል ያልፋል። ዜሮ ቢወጣም ማስገባት ግድ ነው።

ከደሞዜ የተቆረጠው ሁሉ ይቆጠራል?

አይቆጠርም። የሚቆጠረው የገቢ ታክስ ነው። ፔይስሊፑ ላይ ከታክሱ ሥር ናሽናል ኢንሹራንስ የሚል ሌላ ተቆራጭ አለ። ለዚህች ልጅ በዓመት 3,211 ፓውንድ ገደማ ይመጣል፣ ቀላል ገንዘብ አይደለም። እሱ ግን ክሬዲት አይሆንም። ምክንያቱም በአሜሪካና በእንግሊዝ መካከል የሶሻል ሴኩሪቲ ስምምነት አለ፤ በዚያ ስምምነት ለአንዱ አገር ብቻ ነው የምትከፍሉት፣ የከፈላችሁትን ደግሞ ከገቢ ታክስ ጋር አታቀላቅሉትም። ካውንስል ታክስና ዕቃ ስትገዙ የምትከፍሉት ቫትም አይገቡም።

ሰው የማያስበው ሌላ ነገርም አለ። የተቆረጠባችሁ ሁሉ በሕግ የሚገባችሁ ታክስ ላይሆን ይችላል። አዲስ ሥራ ስትጀምሩ ቀጣሪው የታክስ ኮዳችሁን ገና ካላወቀ ጊዜያዊ ኮድ ያስገባል። ፔይስሊፑ ላይ `1257L` በሚለው ፋንታ `BR` ካያችሁ፣ ያቺ ነፃ 12,570 ፓውንድ አልታሰበችላችሁም፣ ከመጀመሪያዋ ፓውንድ ጀምሮ 20 በመቶ እየተቆረጠ ነው። ሁለተኛ ሥራ ካላችሁ ትክክል ሊሆን ይችላል። ያላችሁ ሥራ አንድ ብቻ ከሆነ ግን ትርፍ እየተወሰደባችሁ ነው። ትርፉን ከእንግሊዝ ማስመለስ ትችላላችሁ፣ ማስመለስ የምትችሉት ነገር ደግሞ በአሜሪካ ክሬዲት አይሆንም። ክሬዲት ከወሰዳችሁበት በኋላ ገንዘቡ ከተመለሰላችሁ ያንን ዓመት በፎርም 1040-ኤክስ ማረም ይኖርባችኋል።

ፒ60 አለኝ። እሱ ላይ ያለውን ቁጥር ብገለብጥ አይበቃም?

አይበቃም፣ ብዙ ሰው የሚንሸራተተው እዚህ ነው። የእንግሊዝ የታክስ ዓመት ኤፕሪል 6 ጀምሮ በሚቀጥለው ኤፕሪል 5 ያልቃል። የአሜሪካው ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው። ፒ60 የሚያሳየው የእንግሊዙን ዓመት ነው። ስለዚህ እሱን ብትገለብጡ ገቢውም ታክሱም የሌላ ዓመት ወራት ተቀላቅለውበት ይወጣል፣ በተለይ መሃል ላይ ደሞዝ ከተጨመረላችሁ ወይም ሥራ ከቀየራችሁ።

ቀላሉ መንገድ አሥራ ሁለቱን ፔይስሊፖች ማውጣት ነው። ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር የተከፈላችሁን ጠቅላላ ደሞዝ ደምሩ፣ በእነዚያው ወራት የተቆረጠውን የገቢ ታክስ ደምሩ። ይሄ በተከፈለበት ጊዜ የሚቆጠር አሠራር ነው። ሌላም አለ፤ ታክሱን የእንግሊዙ ዓመት በተዘጋበት ዓመት ላይ መቁጠር ይቻላል። ግን አንዴ ከመረጣችሁት በየዓመቱ እሱን ነው የምትከተሉት፣ ስለዚህ ዝም ብላችሁ ፎርም 1116 ላይ ያለችው ሳጥን ላይ ምልክት አታድርጉ። እኔ ደሞዝ ብቻ ላለው ሰው የፔይስሊፑን መንገድ እመርጣለሁ። አሰልቺ ነው፣ ግን ማስረጃው እጃችሁ ላይ ነው። ሥራ ስትለቁ የድሮው የፔይስሊፕ ድረ ገጽ ሊዘጋባችሁ ስለሚችል ሳትወጡ አውርዱት።

ያ የተረፈው 6,253 ዶላር የት ይገባል?

አንድ ዓመት ወደኋላ፣ አሥር ዓመት ወደፊት መውሰድ ይቻላል። ሎንዶን እስከቆየች ድረስ በየዓመቱ ይተርፋታል እንጂ አያስፈልጋትም፤ የእንግሊዙ ታክስ ሁሌም ከአሜሪካው ይበልጣልና። ጥቅሙ የሚመጣው ስትንቀሳቀስ ነው። ለምሳሌ ከሦስት ዓመት በኋላ ዱባይ ትልቅ ደሞዝ አገኘች እንበል። ኤሚሬቶች ደሞዝ ላይ ታክስ የለም፣ ስለዚህ ከዚያ አዲስ ክሬዲት አይገኝም። ከሎንዶን ያጠራቀመችው ግን እዚያ ባገኘችው ደሞዝ ላይ አሜሪካ የምትጠይቀውን ሊሸፍን ይችላል፤ ሁለቱም የውጭ ደሞዝ ናቸው፣ አንድ ምድብ ውስጥ ናቸው። ይህን ለማድረግ ግን የተረፈውን በየዓመቱ በፎርም 1116 ስኬጁል ቢ ላይ መዝግባ መምጣት አለባት።

የማይሆነውን ደግሞ ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ያለ ኮንዶሚኒየም አከራይታ ኪራይ ብታገኝ፣ ያ ኪራይ ብዙ ጊዜ የሚገባው «ፓሲቭ» የሚባለው ሌላ ምድብ ውስጥ ነው። የሎንዶን ደሞዝ ትርፍ ክሬዲት ወደዚያ አይሻገርም። ለኪራዩ ኢትዮጵያ ውስጥ የተከፈለው የገቢ ታክስ ራሱን የቻለ ሌላ ፎርም 1116 ላይ ይጠየቃል። ለዚህ ደግሞ የገቢዎች ደረሰኝ ያስፈልጋል። ኪራዩን የሚሰበስበው ወንድማችሁ ከሆነ ደረሰኙን ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ ከአሁኑ ንገሩት።

ለሥራ አሜሪካ ደርሼ ብመጣስ?

ይቺ ጥያቄ ከምትመስለው በላይ ትከብዳለች። ደሞዝ የየት አገር ገቢ ነው የሚለው የሚወሰነው ማን ከፈለው ወይም የት ባንክ ገባ በሚለው አይደለም፣ ሥራው የት ተሠራ በሚለው ነው። ልጅቷ ከዓመቱ የሥራ ቀን አንድ አሥረኛውን ኒውዮርክ ቢሮ ተቀምጣ ብትሠራ፣ ወይም ዲሲ ዘመድ ጋ ሆና በላፕቶፕ ብትሠራ፣ ከደሞዟ 7,800 ዶላሩ የአሜሪካ ገቢ ይባላል።

ክሬዲቱ ደግሞ ገደብ አለው። የውጭው ገቢ ከጠቅላላው ገቢ ምን ያህሉ ነው ተብሎ፣ በዚያው ልክ ብቻ ነው የአሜሪካው ታክስ የሚሸፈነው። ዘጠኝ አሥረኛው ብቻ የውጭ ስለሆነ ገደቡ ከ8,609 ወደ 7,748 ወረደ። ቀሪዋን 861 ዶላር ትከፍላለች። ከ6,000 ዶላር በላይ ትርፍ ክሬዲት እያላት! ሰው የሚናደደው ለዚህ ነው። በሁለቱ አገሮች የታክስ ስምምነት በኩል ይህንን ክፍል እንደ ውጭ ገቢ ማስቆጠር የሚቻልበት መንገድ አለ፣ ፎርሙም ላይ የራሱ ምድብ አለው። እሱን ግን የሁለቱንም አገር ሕግ የሚያውቅ ባለሙያ ይሥራላችሁ። የእናንተ ድርሻ በየትኛው ቀን የት እንደሠራችሁ መመዝገብ ነው።

ጓደኛዬ ፎርም 2555 ሞልቶ ዜሮ ሆነለት። እሱ አይሻልም?

እሱ ሌላ መንገድ ነው። በ2025 ውጭ ከሠራችሁት ደሞዝ እስከ 130,000 ዶላር ከአሜሪካ ታክስ ውጭ እንዲሆን ያደርጋል፤ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ 330 ሙሉ ቀን ከአሜሪካ ውጭ መሆን ወይም የሌላ አገር ነዋሪነታችሁን ማሳየት ይጠይቃል። ጓደኛችሁ ዱባይ ወይም ሪያድ ከሆነ ልክ ነው። ታክስ ያልከፈለ ሰው ክሬዲት የሚጠይቅበት ነገር የለውም፣ ስለዚህ ለባሕረ ሰላጤው ፎርም 2555 ነው መንገዱ።

ሎንዶን ላለ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ክሬዲቱ ይሻላል። ሁለቱም ዜሮ ያመጣሉ፤ ልዩነቱ የሚታየው ሌላ ቦታ ነው። አንደኛ፣ ከታክስ ውጭ ባደረጋችሁት ደሞዝ ላይ የተከፈለ የእንግሊዝ ታክስ ክሬዲት አይሆንም፣ ስለዚህ ያ የሚጠራቀመው ትርፍ አይኖርም። ሁለተኛው ለወላጆች ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ያለውና አብሯችሁ የሚኖር ከ17 ዓመት በታች ልጅ ካላችሁ፣ እናንተም ቁጥሩ ካላችሁ፣ በ2025 ለአንድ ልጅ እስከ 1,700 ዶላር በእጅ ተመላሽ ማግኘት ይቻላል። ፎርም 2555 የሞላ ሰው ይህንን ተመላሽ አያገኝም። ክሬዲቱን የተጠቀመ ግን ያገኛል። ሁለት ልጅ ላለው 3,400 ዶላር ነው፤ ደሴ ሲደርስ ስንት ብር እንደሚሆን እናንተው አስሉት።

ስትቀይሩ ግን አስባችሁ። ከፎርም 2555 ወደ ክሬዲት ከወጣችሁ፣ ያለ ታክስ መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ለሚቀጥሉት አምስት ዓመታት ወደ ፎርም 2555 መመለስ አትችሉም። በቅርቡ ወደ ገልፍ ልትሄዱ ከሆነ ይሄ ያሳስባል።

ለእናቴ የምልከው ገንዘብ ታክሴን ይቀንስልኛል?

አይቀንስም። ልጅቷ በወር 500 ፓውንድ ብትልክ በዓመት 6,000 ፓውንድ፣ ማለትም 7,800 ዶላር ነው። ይሄ ታክስ ከተከፈለበት ደሞዝ የወጣ ስጦታ ነው። ገቢዋን አይቀንስም፣ ክሬዲቱንም አይነካም። እርዳታ ድርጅት አይደሉምና እናት እንደ መዋጮ አይያዙም።

«እናቴን በኔ ስር አስገብቻታለሁ» የሚልም አይጠፋም። እናት ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖሩ የኢትዮጵያ ዜጋ ከሆኑ በአሜሪካ ሕግ ጥገኛ ተብለው አይመዘገቡም፤ ሙሉ ቀለባቸውን፣ መድኃኒታቸውን፣ የቤት ኪራያቸውን እናንተ ብትችሉም። ጥገኛ ለመባል የአሜሪካ ዜጋ ወይም የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የሜክሲኮ ነዋሪ መሆን ያስፈልጋል። አንጀት ይበላል፣ ግን ሕጉ ይሄ ነው። ለደንበኞቹ ይህን የሚሞላ ታክስ ሠሪ ካጋጠማችሁ ሽሹት፣ ጥያቄ ሲመጣ የሚጠየቀው ፈራሚው ነው።

በሌላ በኩል ስለ ላካችሁ ብቻ ተጨማሪ የገቢ ታክስ አይመጣባችሁም። በ2025 ለአንድ ሰው እስከ 19,000 ዶላር ስጦታ ማስታወቅ እንኳን አያስፈልግም። ለምሳሌ ለእናት ቤት መግዣ ብላችሁ 40,000 ብትልኩ ፎርም 709 ትሞላላችሁ፣ ክፍያ ግን ብዙ ጊዜ የለውም፤ የዕድሜ ልክ ጣሪያው በ2025 13.99 ሚሊዮን ዶላር ነውና እዚያ የሚደርስ ሰው ከመካከላችን ካለ ይንገረን።

ከ2026 ጀምሮ ስለሚወራው የ1 በመቶ የሐዋላ ታክስም ትጠይቃላችሁ። እሱ ከአሜሪካ ምድር በጥሬ ገንዘብ፣ በመኒ ኦርደር ወይም በመሳሰለው በሚላክ ላይ ነው። ከሎንዶን የምትልክን ሰው አይመለከትም። የገቢ ታክስ ስላልሆነም በፎርም 1116 አይጠየቅም።

አገር ቤት ያለው የባንክ ደብተሬስ?

ይሄ ከክሬዲቱ ጋር አይገናኝም፣ ግን ተያይዞ የሚያስቀጣው እሱ ነው። ከአሜሪካ ውጭ ያላችሁ ሒሳቦች ሁሉ ተደምረው በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፉ ፊንሰን 114 የሚባለው የባንክ ሒሳብ ሪፖርት ይሞላል፣ በኢንተርኔት። የሎንዶኑ የደሞዝ ሒሳብ ይቆጠራል። አዲስ አበባ የከፈታችሁት የዳያስፖራ ሒሳብም ይቆጠራል። ከእናታችሁ ጋር በጋራ የተከፈተው፣ ወይም ብሩ የእሳቸው ሆኖ ፈራሚ የሆናችሁበት እንኳ ይቆጠራል። ይሄ ታክስ የሚያስከፍል አይደለም፣ ዝም ማለቱ ነው የሚያስቀጣው።

ለዓመታት አልሞላሁም። አሁን ብጀምር ይይዙኛል?

ሳታውቁ የቀረ ከሆነ ለዚሁ የተዘጋጀ ስትሪምላይንድ የሚባል አሠራር አለ። ያለፉትን ሦስት ዓመታት የታክስ ፎርም እና ያለፉትን ስድስት ዓመታት የባንክ ሒሳብ ሪፖርት አስገብታችሁ፣ ሆን ተብሎ እንዳልሆነ በፊርማችሁ ታረጋግጣላችሁ። ውጭ ለኖረና መስፈርቱን ላሟላ ሰው ቅጣት የለውም። እንደ ሎንዶን ያለ ታክሱ ከባድ የሆነ አገር የኖረ ሰው ደግሞ ክሬዲቱ ስለሚሸፍንለት ሦስቱም ዓመት ዜሮ ሊወጣለት ይችላል። ደብዳቤ ከመጣ በኋላ ግን ይሄ በር ሊዘጋ ይችላል።

ሞልታችሁ ክሬዲቱን ሳትጠይቁ ሁለቴ ከፍላችሁ ከሆነም አልረፈደም። ሌላው ተመላሽ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ዓመት ይዘጋል፣ የውጭ ታክስ ክሬዲት ግን እስከ አሥር ዓመት ወደኋላ ተሂዶ በ1040-ኤክስ ይጠየቃል።

መቼ ነው የሚሞላው?

ውጭ ለሚኖርና ለሚሠራ ሰው ከኤፕሪል 15 ወደ ጁን 15 በራሱ ይራዘማል። ፎርም 4868 ካስገባችሁ እስከ ኦክቶበር 15። ወለዱ ግን አይጠብቅም፤ ያቺ 861 ዶላር ካለች ወለዷ ከኤፕሪል 15 ጀምሮ ይቆጠራል።